በስልክ የተነሣ የልደት ወረቀት መቼ ነው ለቪዛ ፋይል የሚበቃው?

ጥያቄ፦ «ወንድሜ አሜሪካ ነው። ዜግነት ስላገኘ እናታችንን ለመውሰድ ፋይል ሊከፍት ነው። የእሱ የልደት ወረቀት ግን እኛ ጋ ጅማ ነው ያለው፤ በ1976 ዓ.ም. ከማዘጋጃ ቤት የወጣ፣ በእጅ የተጻፈ አማርኛ ነው። በስልክ አንሥቼ፣ ራሴም ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሜ ላክሁለት። ‹የተረጋገጠ ትርጉም ነው የሚፈልጉት› ብሎ መለሰልኝ። ትርጉሜ ስሕተት የለበትም፤ ታዲያ የሚጎድለው ማኅተም ነው?»

ምላሽ፦ ማኅተም አይደለም። ብዙ ሰው የሚጎድለው ማኅተም ይመስለውና ገንዘቡን ለክብ ማኅተም ይከፍላል፤ ከወራት በኋላ ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይደርሰዋል። የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ደንብ ከእንግሊዝኛ ውጭ ለተጻፈ ሰነድ የሚጠይቀው የወረቀቱን ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉምና የተርጓሚውን ማረጋገጫ ነው። በማረጋገጫው ላይ ተርጓሚው ትርጉሙ ሙሉና ትክክለኛ እንደሆነ፣ እሱም ከዚያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቃት እንዳለው በስሙ ይመሰክራል። በደንቡ ውስጥ ስለ ማኅተም የተጻፈ ነገር የለም። ክብደቱ ያለው «ሙሉ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

እርስዎ የሠሩት ትርጉም የወረቀቱን ፍሬ ነገር ለወንድምዎ ያስረዳ ይሆናል። ያ ሥራ ለመረዳዳት በቂ ነው፤ እኛም ጎረቤት ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ እንደዚያው እናነብለታለን። ፋይሉን የሚመረምረው ሰው ግን አማርኛ አያነብም። በአንድ እጁ የማያውቀውን ፊደል፣ በሌላው የእርስዎን እንግሊዝኛ ይዞ የሚጠይቀው፣ በዚህኛው ወረቀት ላይ ያለው ምልክት ሁሉ በዚያኛው ላይ አለ ወይ የሚል ነው። ማኅተም እያየ በትርጉሙ ላይ ስለ ማኅተም ምንም ካልተጻፈ ሌላ ምን እንደተተወ ይጠራጠራል። ለዚህ ጥርጣሬ በስሙ የሚመልስ ሰው መኖሩ ነው ትርጉምን የተረጋገጠ የሚያሰኘው።

ከእርስዎ ጉዳይ ጋር የሚቀራረብ አንድ ፋይል ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ ሠርቻለሁ። ከሂርማታ የመጣ አንድ ወጣት የአጎቱን የልደት የምስክር ወረቀት ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አጎትየው እንደ ወንድምዎ እናቱን ለመውሰድ የሚያመለክት ነበር። ወጣቱ የራሱን ትርጉምም አያይዞ ነበር፤ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፤ የእሱ ጥያቄ «ይኼን አይተህ ብቻ ፈርምልኝ» የሚል ነበር።

ፎቶው ማታ በአምፖል ሥር፣ በፍላሽ የተነሣ ነው። ወረቀቱ በፕላስቲክ ስለተለበጠ ፍላሹ ግራ ግርጌው ላይ ነጭ ጉድጓድ አበጅቷል፤ ማኅተሙ ያለው ደግሞ እዚያው ነው። የቀኝ ጠርዙ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። የጀርባው ፎቶ ጭራሽ የለም። እንዲህ ያለ ፎቶ ይዞ «ሙሉና ትክክለኛ» ብሎ መፈረም ያላዩትን መመስከር ስለሆነ ዋናውን እንዲያመጣ ለመንሁት። አያቱ ራሳቸው በፌስታል ጠቅልለው፣ ከዝናብ በነጠላቸው ሸፍነው ይዘውት መጡ።

ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘንበል ሳደርገው ሐምራዊው ማኅተም ተነበበ። ዙሪያውን «ከፋ ክፍለ ሀገር» ይላል። ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ጎን የኃላፊው ቲተር፣ በላይኛው ቀኝ ማዕዘን ደግሞ የተለጠፈ ቴምብር አለ። ከዚያ ገለበጥሁት። በጀርባው፣ በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ፣ ሦስት አጫጭር መስመሮች ተጽፈዋል፤ ሐሳባቸው በጥር 1972 ዓ.ም. በመዝገብ የሰፈረው ልደት ዋና ወረቀት በመጥፋቱ ይህ በምትክ የተሰጠ ነው የሚል ነው።

እነዚያን ሦስት መስመሮች ወጣቱ አላያቸውም ነበር፤ የፋይሉ ቁልፍ ግን እነሱ ነበሩ። በፊት ገጽ ላይ ያለው የልደት ቀን የ1972፣ ወረቀቱ የተሰጠበት ቀን የ1976 ነው። የአሜሪካ መርማሪዎች ከልደቱ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተመዘገበን ልደት በቀላሉ አይቀበሉም፤ የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የሰው ምስክርነት እንዲጨመር ይጠይቃሉ። የፊት ገጹን ብቻ ያየ ሰው ልጁ አራት ዓመት ሆኖት የተመዘገበ ይመስለዋል። ጀርባው ግን ምዝገባው በወሩ እንደነበረና የዘገየው ምትኩ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ የእርስዎም ወረቀት በ1976 የወጣ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ይገልብጡትና ጀርባውን ይመልከቱ። ባዶ ከሆነና ምዝገባውም በዚያው ዓመት የተደረገ ከሆነ፣ ትርጉሙ ያንን መለወጥ አይችልም፤ ወንድምዎ ደጋፊ ማስረጃዎቹን ከአሁኑ ያሰባስብ።

ፎቶው እንዴት መነሣት እንዳለበት እዚህ ላይ ልንገርዎ። ዋናውን ወደ አሜሪካ መላክ አያስፈልግም፤ ለማመልከቻው የሚነበብ ቅጂ ይበቃል፤ ዋናው በኋላ ከተጠየቀ የሚቀርብ ስለሆነ ከእጅዎ አይውጣ። የሚቻል ከሆነ ኮፒ ቤት ሄደው በቀለም ስካን ያስደርጉት፤ 300 ዲፒአይ ብሎ ማዘዝ በቂ ነው። በስልክ ከሆነ ደግሞ ጠዋት፣ ከመስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ ያንሡት። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ ይተኛ፣ ስልኩ ከበላዩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ አራቱም ጠርዞች ከትንሽ የጠረጴዛ ህዳግ ጋር ይታዩ። ጥቁርና ነጭ የሚያደርጉ የስካን ማጣሪያዎችን አይጠቀሙ፤ ጽሑፉን አጉልተው የደበዘዘውን ሐምራዊ ማኅተም ያጠፉታል። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ የተላከው ተጨምቆ ስለሚደርስ ደቃቅ የእጅ ጽሑፍ ይበላሻል። አንድ ፊደል ደብዝዞ ከሆነ ደግሞ ማንም ሰው በእስክርቢቶ አያድምቀው። በአሮጌ ቀለም ላይ የተሄደበት አዲስ ቀለም እንደ ማጭበርበር ይታያል፤ ያንን የሚያስተባብል ትርጉም የለም።

ወደ ትርጉሙ ልመለስ። በተረጋገጠ ትርጉም ውስጥ ቃል ያልሆነውም ነገር በቅንፍ ይገለጻል። ማኅተሙ ባለበት ቦታ «ክብ ሐምራዊ ማኅተም» ተብሎ በውስጡ የሚነበበው ይጻፋል። ፊርማው፣ ቲተሩ፣ ቴምብሩ፣ የተሰረዘው ቃል፣ በኅዳጉ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ በየቦታው ይጠቀሳል። ያልተነበበው «የማይነበብ» ይባላል። ለመረዳዳት የሚተረጉም ሰው ያልተነበበውን በግምት ይሞላል ወይም ይዘለዋል፤ ለእሱ ሥራ ይህ ነውር አይደለም። በሚፈርም ተርጓሚ ግን ግምት ሐሰት ነው። እኔ በዚያ ፋይል ላይ ከመዝገብ ቁጥሩ የመጨረሻዋን አኃዝ ሳላነብ ቀርቼ የማይነበብ ብዬ ጻፍሁ፤ ማንም አልጠየቀበትም።

በወጣቱ ትርጉም ውስጥ ግን አንድ እውነተኛ ስሕተት ነበረ፤ ቀኑ ላይ። ወረቀቱ የልደት ቀኑን ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ይላል። ወጣቱ ዲሴምበር 31 ቀን 1979 ብሎ መልሶታል። በተለመደው ዓመት ታኅሣሥ 1 የሚውለው ዲሴምበር 10 ስለሆነ ታኅሣሥ 22 በእርግጥ ዲሴምበር 31 ነው። 1972 ግን ዘመነ ዮሐንስ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው 1971 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1972 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል፦ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 11፣ ታኅሣሥ 22 ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980። አንዲት ቀን ቀኑንም ወሩንም ዓመተ ምሕረቱንም ለወጠችው። በአጎትየው ፓስፖርት ላይ ያለው ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ነበር። የልደት ወረቀቱ ትርጉም 1979፣ ፓስፖርቱ 1980 ሲል ያየ መርማሪ ምን እንደሚጠይቅ መገመት አያቅትም፤ ሰነዶቹ ግን ከመነሻቸው የሚስማሙ ነበሩ።

ይህን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ያካፍሉት፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ገናም በዚያ ዓመት የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው። የአንድ ቀን ግፊቱ የሚቆየው ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ብቻ ነው፤ የካቲት 21 ፌብሩዋሪ 29 ላይ ይውልና ከማግስቱ ጀምሮ ሁለቱ አቆጣጠሮች ወደ ተለመደው ልዩነታቸው ይመለሳሉ። በሌሎቹ ሦስት ዓመታት የተለመደው ሠንጠረዥ ይሠራል። በትርጉሙ ላይ ሲጻፍ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ቀን እንዳለ ይቀመጣል፤ የተለወጠው ቀን ከጎኑ በቅንፍ ይገባል። ለውጡ የተርጓሚው ስሌት እንጂ የወረቀቱ ቃል ስላልሆነ ሁለቱ መለየት አለባቸው።

ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን በእርግጥ ከወረቀቱ የሚለይ ከሆነስ? ከሁሉም የሚከብደኝ ልመና ይህ ነው፤ «እባክህ ከፓስፖርቱ ጋር አስማማልኝ» ይሉኛል፤ ከልባቸው ተጨንቀው ነው የሚለምኑት። ማስማማት አይቻልም። ልዩነቱ በትርጉሙ ላይ በግልጽ ይታይ፤ አመልካቹ ምክንያቱን በራሱ ደብዳቤ ያስረዳ ወይም ሰነዱን ባወጣው መሥሪያ ቤት ያሳርም። በትርጉም የተደበቀ ልዩነት አማርኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው ባነበበው ቀን ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ጥያቄው ስለ ቀን መሆኑ ይቀርና ስለ ማታለል ይሆናል።

ስም ላይ ግን ሕጉ ትንሽ ይለያል። የግእዝ ፊደል ወደ ላቲን ሲሻገር አንድ የታወቀ አጻጻፍ የለውም። ዘውዴ የሚለውን አንዱ በአንድ አናባቢ ይጨርሰዋል፣ ሌላው አይ የምትባለውን ፊደል ይጨምርበታል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስለዚህ ሁልጊዜ የፓስፖርቱን ቅጂ አስቀድሜ እጠይቅና በዚያ አጻጻፍ እሄዳለሁ። ይህ የሚሠራው አማርኛው አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ወረቀቱ ከበደ፣ ፓስፖርቱ ከበበ የሚል ከሆነ ከበደ ብዬ እጽፋለሁ።

በእርስዎ ፋይል ውስጥ ደግሞ ዋናዋ ቃል የእናትዎ ስም ናት። ወንድምዎ ለእናቱ ሲያመለክት ከአይ-130 ቅጽ ጋር የሚያያይዘው የልደት ወረቀት ሥራው የእሱን ስምና የእናቱን ስም በአንድ ገጽ ላይ ማሳየት ነው። ወረቀቱ ላይ «የእናት ስም ወይዘሮ» ብሎ ስማቸውን ከአባታቸው ስም ጋር የሚጽፍ ከሆነ በዚያው መልክ ይሂድ። አንዳንድ ሰው ለፈረንጅ እንዲመች ብሎ የባልን ስም ይቀጥልበታል፤ የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም አለመመሳሰል ያስጠረጥራል ብሎ ይሰጋል። የእኛ እናቶች በአባታቸው ስም እንደሚጠሩ ኤምባሲው ያውቃል። የተጨመረው ስም ግን ከእናትዎ ፓስፖርት ጋር ይጋጫል። «ወይዘሮ» ማዕረግ እንደመሆኑ በመጀመሪያ ስም ቦታ ላይ አይግባ፤ እንዲህ ሆኖ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

የቦታ ስሞችም እንደዚሁ ናቸው። የእርስዎ ወረቀት «ከፋ ክፍለ ሀገር፣ ጅማ አውራጃ» የሚል ከሆነ ተርጓሚው ኦሮሚያ ክልል ብሎ አያድሰው። ዛሬ ጅማ ኦሮሚያ ውስጥ ናት፤ ወረቀቱ በተጻፈበት ዘመን ግን የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነበረች፤ ወረቀቱ የሚመሰክረው የዚያን ዘመን ነው። ስሙ እንዳለ ይጻፍና አስፈላጊ ከሆነ አጭር ማብራሪያ በተርጓሚው ማስታወሻነት ከሥር ይግባ። «ከፍተኛ 2 ቀበሌ 10» የሚል አድራሻ ሲመጣ ከፍተኛን ትልቅ ወይም ረጅም በሚል ቃል የመለሰ ትርጉም አንብቤአለሁ። ከፍተኛ የአስተዳደር እርከን መጠሪያ ስለሆነ በድምፁ ተጽፎ «የከተማ አስተዳደር ክፍል» የሚል ቅንፍ ይከተለዋል።

እነዚህ ሁሉ ካለቁ በኋላ የማረጋገጫው ቃል ይመጣል። እሱ ራሱ አጭር ነው፤ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ይዘቱ ይህን ይመስላል፦ «እኔ እገሌ አማርኛና እንግሊዝኛ አውቃለሁ፤ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቃት አለኝ፤ ከዚህ ጋር የተያያዘው የእገሌ የልደት የምስክር ወረቀት ትርጉም ሙሉና ትክክለኛ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ከሥሩ ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ አድራሻና ቀን ይገባል። የትርጉም ቤቶች ብዙ ጊዜ «እውነተኛ ትርጉም» የሚል ማኅተም መትተው የተርጓሚውን ስምና ስለ ብቃቱ የሚናገረውን ዐረፍተ ነገር ይተዋሉ። ከመክፈልዎ በፊት ያንን ገጽ ያንብቡት፤ ሰው ስሙን ካልጻፈ ተቋሙ ብቻ መታተሙ አይበቃም። ማኅተሙ ቢኖር አይጎዳም።

ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ማስመስከር ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። እዚያ የሚረጋገጠው ፊርማው የማን እንደሆነ ነው፤ የትርጉሙን ትክክለኛነት ማንም እዚያ አይመረምርም። ወንድምዎ ለሚያስገባው ማመልከቻ ይህ አይጠየቅም።

አሁን «ራሴ ፈርሜ ብልክስ?» ወደሚለው እንምጣ። የአሜሪካው ደንብ በቃሉ የቤተሰብ አባል አይተርጉም አይልም፤ የሚጠይቀው ብቃትን ነው። እኔ ግን አልመክርዎትም። የሚወሰደው ሰው እናትዎ ነው፣ አመልካቹ ወንድምዎ ነው፤ መርማሪው በማረጋገጫው ላይ የእርስዎን ስም ሲያይ ምስክሩ ከቤት የመጣ እንደሆነ ያውቃል። ካናዳ ግን በግልጽ ትከለክላለች፤ አመልካቹ፣ ወንድምና እህት፣ አክስትና አጎት፣ የአጎት ልጅ ሳይቀር መተርጎም አይችሉም፤ ተርጓሚው እዚያ በማኅበር የታወቀ ካልሆነም ቃለ መሐላ ይፈጽማል። እንግሊዝ ተርጓሚው ትክክለኛነቱን እንዲያረጋግጥ፣ ስሙን፣ ፊርማውን፣ ቀኑንና መገኛውን እንዲያስቀምጥ ትጠይቃለች። ስለዚህ ለአንዱ አገር የተሠራውን ለሌላው ከማስገባትዎ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለሌሎች የጅማ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀታችሁ በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ከአፋን ኦሮሞ በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ፈልጉ። መጀመሪያ ወደ አማርኛ መልሶ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ የሚወስድ ተርጓሚ ስለ አፋን ኦሮሞ ብቃቱ መፈረም አይችልም። በቁቤ የተጻፈ ስም አስቀድሞም በላቲን ፊደል ስለሆነ እንዳለ ይገለበጣል፤ አናባቢው የተደገመበት ስም በፓስፖርቱ ላይ በአንድ አናባቢ ከተጻፈ ልዩነቱን ተርጓሚው በማስታወሻ ይጠቁማል እንጂ አያስተካክለውም።

እርስዎ አሁን የደከሙበትን ትርጉም አይጣሉት። ለተርጓሚው ከአዲሱ ፎቶ፣ ከጀርባው ፎቶ፣ ከወንድምዎና ከእናትዎ የፓስፖርት ቅጂ ጋር ይስጡት፤ የእጅ ጽሑፉን ለማንበብ ቤተሰብ የሚያውቀው ስም ይረዳዋል። ሥራው ሲያልቅ ወደ ቤት ይዘውት ገብተው ከዋናው ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡት፤ በጣትዎ ከላይ ጀምረው እያንዳንዱን መስመር፣ እያንዳንዱን ቁጥር፣ እያንዳንዱን ማኅተም እየነኩ በትርጉሙ ላይ ይፈልጉት። ጣትዎ ዋናው ላይ አርፎ በትርጉሙ ላይ ጓደኛ ያጣበት ቦታ ካለ ለተርጓሚው ይመልሱለት። ከሌለ የወረቀቱን ፊት፣ ጀርባውን፣ ትርጉሙንና ማረጋገጫውን በዚህ ቅደም ተከተል በአንድ ፒዲኤፍ አድርገው ለወንድምዎ ይላኩለት።